ከሙሉ ቁመና ፎቶ ጉርድ ይወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «በ2014 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ስመረቅ እናንተ ጋ ፎቶ ተነስቼ ነበር። አሁን ዱባይ ሆኜ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ያያያዝኩትን ፎቶ ከራስ እስከ ትከሻ ብቻ ቆርጣችሁ ላኩልኝ። ለሲቪ ነው፣ ግን ለቪዛም እንዲሆነኝ ጀርባውን ነጭ አድርጉት። ቴሌግራም ላይ የነበረውን ነው የላክሁት፣ ትንሽ ደብዘዝ ስላለ ጥራቱን ጨምሩበት።»

ምላሽ፦ ከዚህ ፋይል ጉርድ አይወጣም። ዝም ብዬ አይደለም፣ ቆርጬ አይቼዋለሁ። መቁረጡ ራሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ችግሩ ከቆረጥን በኋላ የሚተርፈው ነገር ነው።

መጀመሪያ ፋይልሽን ልንገርሽ። የላክሽው 853 በ1280 ፒክስል ነው። እኛ ያነሳንሽ በ24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ፣ ካሜራውን ወደ ቁመት አዙረን ስለሆነ ኦሪጅናሉ 4000 በ6000 ነው። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክበት አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል። ስልክ ላይ ስታዪው ልዩነቱ አይታወቅሽም፣ ምክንያቱም የስልክ ስክሪን ትንሽ ነው፣ ፎቶውም ሙሉ ሆኖ ነው የሚታየው። ልዩነቱ ፈጦ የሚታየው ስትቆርጪ ነው።

ለምን መሰለሽ፣ ያ ፎቶ ሙሉ ቁመና ነው። ገዋን ለብሰሽ፣ ቆብ አድርገሽ፣ ከእግር እስከ ራስ ቆመሻል። የሰው ራስ ከቁመቱ ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ያንሳል። በኦሪጅናሉ ላይ ቁመትሽ 4500 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ራስሽ ደግሞ ከአገጭ እስከ አናት 600 ነው። አንቺ በላክሽው ላይ ያው ራስ 128 ፒክስል ብቻ ነው። 128! ዓይንሽ፣ ቅንድብሽ፣ አፍንጫሽ፣ ከንፈርሽ ሁሉ በነዚያ ነጥቦች ውስጥ ነው የተሳለው። ኮምፒውተር ላይ በልኩ፣ ማለትም በ100 ፐርሰንት ስከፍተው የቀኝ ዓይንሽ ጥቁሩና ነጩ አይለይም። የጆሮ ጌጥሽ አንድ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኗል።

ለሲቪ 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ስናትም በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 413 በ531 ፒክስል ያስፈልጋል። ራስሽ የዚያን ግማሽ ያህል እንዲይዝ ብናደርግ እንኳ ከአገጭ እስከ አናት 265 አካባቢ ያስፈልገናል። ያለን ግማሹ ነው። «ጥራቱን ጨምሩበት» ያልሽው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ኮምፒውተር 128ቱን ነጥብ ወደ 265 ሊወጥረው ይችላል። ካሜራው ያላነሳውን የራስሽን ቅንድብ ግን አያመጣልሽም። አብዛኛውን ጊዜ በነጥቦቹ መሃል ለስላሳ ቀለም ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ ፊትሽ የላስቲክ አሻንጉሊት ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ሻርፕ ይደረግ ተብሎ ሲሞከር በአገጭና በፀጉር ዳር ነጭ መስመር ይወጣል። አንድ ጊዜ እኔም ለአንድ ወንድማችን ከሠርግ ፎቶ ላይ እንዲሁ ወጥሬ ሰጥቼው አውቃለሁ፣ እንቢ ማለት ከብዶኝ። ስልኩ ላይ አይቶ ደስ ብሎት ሄደ። አትሞ ሲያየው ግን የራሱ ፊት መሆኑን ተጠራጥሮ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላደርግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ኦሪጅናሉ ነው። እኛ ጋ አለ። የ2014 ምርቃት ፎቶዎች በሃርድ ዲስክ ተቀምጠዋል፣ ያንቺንም ፎልደር አግኝቼዋለሁ። (ይህን የምታነቡ ሌሎች ሰዎችም ፎቶ ቤታችሁን ቶሎ ጠይቁ። ብዙ ፎቶ ቤት ቦታ ሲሞላበት አሮጌውን ያጠፋል፣ ካልተስማማችሁ በስተቀር ለዘላለም የማስቀመጥ ግዴታ የለበትም።)

ኦሪጅናሉን ከፍቼ ያንኑ ቆመሽ የተነሳሽውን ቆረጥኩት። ራስሽ 600 ስለሆነ በቁጥር ደረጃ ለሲቪ ይበቃል። ከአናትሽ በላይ 120፣ ከአገጭሽ በታች 480 ትቼ 933 በ1200 የሆነ ጉርድ ወጣኝ። በመጠን ደህና ነው። ግን ሳየው አልወደድኩትም፣ ለምን እንዳልወደድኩት ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፒክስሉ ከበቃ ሁሉም አለቀ ይመስለዋል።

ሙሉ ቁመና ስናነሳ ከሰውዬው አምስት ሜትር ያህል እንርቃለን፣ ካሜራውንም ወደ ወገብ ዝቅ እናደርጋለን፣ እግሩ እንዳያጥርበት። ለቁመና ትክክል ነው። ራሱን ብቻ ስትቆርጪው ግን ከታች ወደ ላይ የታየ ፊት ነው የምታገኚው። አገጭ ከበድ ይላል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ይታያል። ይህን በቁረጣ ማስተካከል አይቻልም። ሌላው ቆቡ ነው። ያ ጠፍጣፋ የምርቃት ቆብ ቀትር ላይ ግንባርሽ ላይ ጥላ ጥሎ ዓይንሽ ድረስ ወርዷል። ሙሉው ፎቶ ላይ ማንም አያየውም፣ ጉርዱ ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ጥላውን ላብራው ብል ከጥላው ሥር ያለው ቆዳ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ምክንያቱም ካሜራው እዚያ ጋ በቂ ብርሃን አላገኘም። ሦስተኛው፣ አባትሽ ይመስሉኛል፣ ከጎንሽ ቆመው እጃቸው ግራ ትከሻሽ ላይ ነው። ሙሉው ፎቶ ላይ ከሁሉ የሚያምረው እሱ እጅ ነው። ጉርዱ ላይ ግን የማን እንደሆነ የማይታወቅ አራት ጣት ብቻ ይቀራል። ላጠፋው እችላለሁ፣ ግን የገዋኑን እጥፋት ከሌላ ቦታ ቀድቼ መለጠፍ አለብኝ፣ ትከሻሽም የሌላ ሰው ትከሻ ይመስላል።

ደግሞም ሥራ ፈላጊ በገዋንና በቆብ መቅረቡ ለእኔ ደስ አይለኝም። መመረቅሽን ሲቪው ላይ በጽሑፍ ታሰፍሪዋለሽ። ፎቶው የሚያሳየው ነገ ጠዋት ሥራ ቦታ የምትገቢዋን አንቺን ነው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ሰው ጉርድ እንዲቆረጥለት የሚልከው የሚወደውን ፎቶ ነው። መቆረጥ ያለበት ግን ከቅርብ የተነሳው ነው። ፎልደርሽ ውስጥ 11 ፎቶ አለ። አስሩን አሳጥበሽ ወስደሻል። አንዱን አልወሰድሽውም። እሱ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል፣ ገዋኑን አውልቀሽ ጭንሽ ላይ ጣል አድርገሽዋል፣ በጥቁር ኮትና በነጭ ሸሚዝ ነሽ፣ አበባውን ይዘሻል። ዝናብ ሊመጣ ሲል የተነሳ ነው። ሰማዩ ደመና ስለነበር ፊትሽ ላይ ምንም ጥላ የለም፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ከወገብ በላይ ስለሆነና ካሜራው በዓይንሽ ትክክል ስለነበረ አገጭሽም አልከበደም። በልኩ ስከፍተው ቅንድብሽ ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል፣ ዓይንሽ ውስጥ የሰማዩ ብርሃን አለ። ራስሽ ከአገጭ እስከ አናት 1500 ፒክስል ነው። ከላክሽልኝ ጋር ሲነጻጸር ወደ 12 እጥፍ ነው። ከዚያኛው ይልቅ ይኼን ነው የምቆርጠው።

እንዴት እንደቆረጥኩት ልንገርሽ። «ከራስ እስከ ትከሻ ብቻ» ብለሻል፣ ቃል በቃል ትከሻ ላይ ብቆርጠው ግን ራስሽ ሳህን ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ጉርድ የሚባለው ከትከሻ ወረድ ብሎ ደረት ላይ፣ የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ አካባቢ ነው የሚያልቀው። አንገት ላይ፣ ወይም ልክ ትከሻው መስመር ላይ አይቆረጥም። ከአናት በላይም ትንሽ አየር ይተዋል፣ አለበለዚያ ራስ ጣሪያ የነካ ይመስላል።

ያንቺው ላይ አንድ እንቅፋት ነበረ። አበባው ደረትሽ ድረስ ወጥቷል። ከአገጭ በታች 1200 ብተው ኖሮ ራስሽ ልክ የፎቶውን ግማሽ ይዞ ያምር ነበር፣ ግን ከታች በኩል ሁለት የአበባ ጫፍ እንደ ጥርስ ብቅ ይላል። ስለዚህ ወደ 1000 አሳጠርኩት፣ ከላይም 250 ተውኩ። የወጣው 2139 በ2750 ነው። ራስሽ ከግማሽ በትንሹ በለጠ፣ ለሲቪ ምንም አይልም። ትከሻሽ ግራና ቀኝ ጫፉ ተቆርጧል፣ በዚህ ቅርጽ ላይ ይህ የግድ ነው። የሰው ትከሻ ከራሱ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ ሁለቱም ትከሻ ሙሉ በሙሉ ይግባ ካልሽ ራስሽ ያንሳል። ዋናው ሁለቱም ጎን እኩል መቆረጡ ነው፣ አንዱ ሙሉ አንዱ ጎዶሎ እንዳይሆን። ራስሽ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነበር፣ ያን በሁለት ዲግሪ ብቻ አቃናሁት። ከዚያ በላይ ብሄድ ወንበሩ የተንጋደደ ይመስላል።

ስለ ነጭ ጀርባው። አላደርገውም፣ እንዳታስደርጊውም እመክርሻለሁ። ከኋላሽ ያለው አረንጓዴ ዛፍ ነው፣ ደብዝዞ ስላለ አይረብሽም። ፀጉርሽ ደግሞ ለቀቅ ያለ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ቀጫጭን ፀጉሮች ቆመዋል፣ የዛፉ አረንጓዴም ገብቶባቸዋል። ነጭ ላይ ስለጥፈው ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ፀጉሩን በመቀስ እንደቆረጥኩት ድርቅ ይላል፣ ወይ ዙሪያውን አረንጓዴ ጢስ ይከበዋል። በሹሩባ ተሠርተሽ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ነጩ ሸሚዝሽም ነጭ ጀርባ ላይ ኮሌታው ይጠፋል። ለሲቪ ነጭ ጀርባ ግዴታ አይደለም። ረጋ ያለ፣ ዓይን የማይስብ ጀርባ ይበቃል፣ ያ ደግሞ አለሽ።

ለቪዛ ግን ይኼን ፎቶ እርሺው። ጀርባው ብቻ አይደለም ችግሩ። የቪዛ ፎቶ ሕጉ ሌላ ነው። ዲቪ የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ ባለፉት 6 ወራት የተነሳ መሆን አለበት፣ ከ600 በ600 ፒክስል ያላነሰ ሆኖ ራስ ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይይዛል፣ በኮምፒውተር የተነካካ ፎቶም ውድቅ ያስደርጋል። በ35 በ45 ሚሊ ሜትሩ የአውሮፓ ቪዛ ፎቶ ደግሞ ፊት ከቁመቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይሆናል። ለሲቪ የቆረጥኩልሽ 55 ያህል ነው። አንድ ጉርድ ለሁለቱም አይሆንም። ያንቺ ደግሞ የ2014 ነው፣ ፈገግ ብለሻል፣ ጥርስሽም ይታያል። ለሲቪ ያምራል፣ ለቪዛ ያስመልሳል። ለቪዛ ያለሽበት አገር ፎቶ ቤት ገብተሽ የየትኛው አገር ቪዛ እንደሆነ ነግረሻቸው አዲስ ተነሺ። እዚያ የሚያስከፍሉሽ ማመልከቻ ከሚመለስብሽ ይሻላል።

ለሲቪውም ቢሆን አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ። አሁን መልክሽ ከዚያን ጊዜው ጋር ይመሳሰላል? ፀጉርሽን ቆርጠሽ ከሆነ፣ ወይም በጣም ከስተሽ ወይም ወፍረሽ ከሆነ፣ ቃለ መጠይቅ ስትገቢ የተቀመጠው ሰው ፎቶውንና አንቺን ደጋግሞ እንዲያይ አታድርጊው። እንደዚያ ከሆነ የሲቪውንም አዲስ ተነሺ። ፎቶ ቤት ካልተመቸሽ በስልክም ይሆናል፣ ግን ሰልፊ አይደለም። ክንድሽ ርቀት ላይ የሚነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። ሌላ ሰው በኋላው ካሜራ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ርቆ፣ ስልኩን በዓይንሽ ትክክል ይዞ ያንሳሽ። ፊትሽን ወደ መስኮት አዙሪ፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቂ፣ ጥላሽ እንዳያርፍበት። ደረትሽ ድረስ ያንሳሽ፣ ከዚያ ቆርጬ ላስተካክልልሽ እችላለሁ። ስትልኪው በኢሜይል አያይዢው። አይፎን ከሆነ መጠን ሲጠይቅሽ Actual Size በይው። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ ፎቶ አድርገሽ ሳይሆን File ብለሽ ላኪው። ስክሪንሾት አንስተሽ ግን በፍጹም።

ሌላ አገር ካመለከትሽ ደግሞ ፎቶ መጠየቁን መጀመሪያ ከማስታወቂያው አረጋግጪ። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በካናዳ ሲቪ ላይ ፎቶ አለማድረግ ነው ልማዱ። እዚያ ባማረ ጉርድ መጀመር ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ሁለት ፋይል አያይዤልሻለሁ። አንደኛው ለኅትመት የተዘጋጀው 413 በ531 ነው፣ ሁለተኛው ኦንላይን ለምትሞዪው ቅጽ ትልቁ ነው። ትልቁን ቅጹ «ፋይሉ በዛ» ካለሽ ብቻ አሳንሺው፣ ትንሹን ግን አታተልቂው። ሁለቱም ጄፔግ ናቸው፣ ቀለማቸውም ኤስ አር ጂ ቢ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እንዳይገረጣ። ፊትሽን አላለሰለስኩትም፣ አላቀላሁትም። ያስተካከልኩት የብርሃኑን መጠንና ኮትሽ ላይ የነበረ አንድ ነጭ ክር ብቻ ነው። ወርድ ላይ ስታስገቢው ማዕዘኑን ይዘሽ ነው መጎተት ያለብሽ። ጎኑን ይዘሽ ከጎተትሽው ፊትሽ ይለጠጣል። እንዲህ የተለጠጠ ፎቶ ያለበት ሲቪ እንድናትምላቸው የሚያመጡ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ሁልጊዜ እንደገና አስገብተን ነው የምናትመው።

ቆመሽ ከአባትሽ ጋር የተነሳሽውንም በኦሪጅናሉ ልኬልሻለሁ። እሱን አትቁረጪው።